72 ተማሪ፣ 24 ዴስክ፦ በተጨናነቀ ክፍል የእንግሊዝኛ ንግግር ልምምድን ማቀናጀት

የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ መምህር 72 ተማሪዎች ያሉት ክፍል ቢደርሰውና ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆን፣ ለንግግር የሚተርፈው ጊዜ በቀላል ስሌት ይታወቃል። ስም ለመጥራት፣ ሰሌዳ ለማጽዳትና የቤት ሥራ ለማስጻፍ 10 ደቂቃ ይቀነስ፤ የሚቀረው 30 ደቂቃ 1,800 ሰከንድ ነው። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ለመምህሩ ቢመልሱ ለእያንዳንዳቸው 25 ሰከንድ ይደርሳቸዋል፤ ያውም መምህሩ አንዲት ቃል ሳይናገርና ለመነሣት የሚባክን ጊዜ ሳይኖር ነው። በተግባር ግን እጃቸውን የሚያወጡት እነዚያው የተለመዱ ሰባት ስምንት ተማሪዎች ስለሆኑ፣ የቀሩት ሴሚስተሩን በሙሉ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይናገሩ ሊጨርሱት ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “ቡድን አድርጋቸው” የሚል ነው። ትምህርት ቤቶቻችንም ለረጅም ጊዜ የለመዱት የቡድን ዓይነት አንድ ለአምስት ነው፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፣ ይረዳቸዋል፣ ይቆጣጠራቸዋል። ይህ አደረጃጀት ለቤት ሥራ ክትትልና ለጥናት ይጠቅም ይሆናል፤ ለንግግር ልምምድ ግን ስድስት ሰው ብዙ ነው። 8 ደቂቃ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 80 ሰከንድ ብቻ ይደርሳል፤ እሱንም ቢሆን አብዛኛውን የሚወስደው የቡድኑ መሪ ነው። ያው 8 ደቂቃ ለሁለት ሲካፈል ግን ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ይሰጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የቆመበት ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ ስድስቱ ለመቀመጫ፣ ለክትትልና ለምዘና ይደራጁ፣ ንግግሩ ግን ምንጊዜም በሁለት ሰው መካከል ይሁን። አስቸጋሪው ነገር ይህን ሦስት ሦስት ተማሪ በሚያስቀምጥና ከቦታው በማይነቃነቅ ዴስክ ላይ መፈጸሙ ነው።

የክፍሉን ካርታ መሥራት

ከሁሉ አስቀድሞ ተማሪ በሌለበት ሰዓት ወደ ክፍሉ ገብተው ዴስኮቹን ይቁጠሩና በወረቀት ላይ ይሳሉ። እዚህ እንደ ምሳሌ የምወስደው በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚታየውን ክፍል ነው። መቀመጫውና መጻፊያው በአንድ ብረት የተያያዙ ኮምባይንድ ዴስኮች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ከሰሌዳው እስከ ኋላው ግድግዳ 8 ዴስክ አለው። ሁለቱ ዳር ረድፎች ግድግዳ የተጠጉ ሲሆኑ፣ መተላለፊያ ያለው በረድፎቹ መካከል ብቻ ነው። 24 ዴስክ በሦስት ሲባዛ 72 ይሆናል፤ ባዶ ቦታ የለም ማለት ነው።

ረድፎቹን ሀ፣ ለ እና ሐ ብለው ይሰይሙ፤ ዴስኮቹን ደግሞ ከሰሌዳው ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ይቁጠሩ። ቁጥሩን በመተላለፊያው በኩል ባለው የዴስኩ ጎን ላይ በማርከር ይጻፉት፤ በጠመኔ የተጻፈ ሳምንት አይቆይም። ከዚያ ዴስክ 1ንና 2ን አንድ ቡድን፣ 3ንና 4ን ሌላ ቡድን፣ 5ንና 6ን፣ 7ንና 8ንም እንዲሁ አድርገው ያጣምሩ። በእያንዳንዱ ረድፍ አራት፣ በክፍሉ በሙሉ 12 የስድስት ሰው ቡድኖች ይወጣሉ። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት ያንኑ ክፍል የሚጠቀም ሌላ መምህር ስላለ፣ ዴስኮቹ እንዳይንቀሳቀሱ ከእሱ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ጠዋት የተደረደረው ከሰዓት ተዘበራርቆ ከተገኘ፣ የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ በዴስክ መጎተት ያልቃል።

ጥንዱ ከጎን ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ነው

ብዙ መምህራን “ከአጠገብህ ካለው ጋር ተነጋገር” ይላሉ። ሦስት ሰው በተቀመጠበት ዴስክ ላይ ይህ ትእዛዝ አንድ ሰው ያስቀራል፤ መካከለኛው ወደ አንዱ ሲዞር ሌላኛው ጀርባ ያያል። በ24 ዴስክ ላይ 24 ተማሪ ከንግግር ውጭ ሆነ ማለት ነው። በተጨማሪም ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ንግግሩ ቶሎ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይሻገራል።

መፍትሔው ጥንዱን በዴስኮች መካከል ማድረግ ነው። በዴስክ 1 ላይ ያሉት ሦስት ተማሪዎች እዚያው በመቀመጫቸውና በመጻፊያቸው መካከል ተነሥተው ይቆሙና ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከበስተኋላቸው በዴስክ 2 ላይ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አንድ ዴስክ ዞሮ ሦስት ጥንድ ያስገኛል፤ የቀረ ሰው የለም። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ዴስኮች (1፣ 3፣ 5 እና 7) በሙሉ እንዲሁ ሲያደርጉ በክፍሉ 36 ጥንድ በአንድ ጊዜ ይፈጠራል፤ ማንም ወደ መተላለፊያ አልወጣም፣ አንድ ዴስክም አልተነቃነቀም። የዞረው ተማሪ ደብተሩን በጓደኛው መጻፊያ ጠርዝ ላይ ማሳረፍ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር ገደማ በመሆኑም ሳይጮኹ ይደማመጣሉ።

የዞሩት ቆመው እንዲሠሩ ማድረጌ ጥብቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም መቀመጫው ላይ በጉልበት መንበርከክ መቀመጫውን ያቆሽሻል፤ ቀሚስ ለለበሱ ሴት ተማሪዎች ደግሞ እግር አሻግሮ መዞር አይመችም። ለጥቂት ደቂቃ መቆም ግን ማንንም አይጎዳም፤ ለመምህሩ ደግሞ ጠቃሚ ነገር አለው፣ ከሰሌዳው በኩል ሲያዩ የሚታየው የቆሙት ጀርባ ስለሆነ ወደ ጎን የዞረ ትከሻ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። መቆም የማይችል ተማሪ ካለ ምንጊዜም በማይዞረው በዴስክ 8 ላይ፣ በመተላለፊያው በኩል ይመደብ።

ይህን መዞር በመጀመሪያው ቀን ከቋንቋ ሥራ ጋር አያደባልቁት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ክፍለ ጊዜያት ለአምስት ደቂቃ መዞሩን ብቻ ያለማምዱ፤ ሲዞሩ የሚጠያየቁትም ስምና ሰፈርን የመሰለ ማንም የማይቸገርበት ነገር ይሁን። ክፍሉ ከትእዛዙ እስከ መጀመሪያው ንግግር ከ20 ሰከንድ ያልበለጠ ሲወስድበት ለዋናው ሥራ ደርሷል ማለት ይቻላል።

ማን የት ይቀመጥ?

የተማሪዎቹን የቀድሞ የእንግሊዝኛ ውጤት ይያዙና በአራት እርከን ይከፋፍሏቸው፤ 12 ከሁሉ የላቁ፣ 24 ከመካከለኛ በላይ፣ 24 ከመካከለኛ በታች፣ 12 ደግሞ በጣም የሚቸገሩ። እያንዳንዱ ቡድን ከመጀመሪያው አንድ፣ ከሁለተኛው ሁለት፣ ከሦስተኛው ሁለት፣ ከአራተኛው አንድ ያገኛል። የጽሑፍ ፈተና ውጤት የንግግር ችሎታን በትክክል እንደማያሳይ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ድልድሉን በእርሳስ ይጻፉት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በጆሮዎ በሰሙት መሠረት ያስተካክሉታል።

በጥንዱ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ከቡድኑ ስብጥር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሁሉ የላቀውን ከሁሉ ከሚቸገረው ጋር ማጣመር እንደ ደግ ሥራ ይታያል፤ ውጤቱ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ራሱን ሲነቀንቅ ማለቅ ነው። የሚሻለው ክፍተቱን ማጥበብ ነው፤ የላቀው ከመካከለኛ በታች ከሆነው ጋር፣ ከመካከለኛ በላይ ከሆኑት አንዱ ከሌላው የመካከለኛ በታች ጋር፣ የቀረው ከመካከለኛ በላይ ደግሞ ከሚቸገረው ጋር ይሁን። በየጥንዱ ሻል የሚለው ተማሪ በማይዞረው ዴስክ፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር ባለው ዴስክ ላይ ይቀመጥ፤ ንግግሩን የሚጀምረውም እሱ ነው። የዞረው ጓደኛው ተራው ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ የሰማው ሞዴል ይኖረዋል። የሚቸገረው ተማሪ ያለበት ጥንድ በመተላለፊያው በኩል ይሁን፣ የላቀው ያለበት ጥንድ መሐል ይግባ፤ መምህሩ ጆሮውን ማድረስ የሚችለው በመተላለፊያው በኩል ላሉት ነውና። ተማሪዎች ይህን አቀማመጥ በጊዜ ስለሚያውቁት በሴሚስተሩ አጋማሽ ፊትና ኋላውን ማቀያየር ተገቢ ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ከእርከኑ ይቀድማሉ። ዓይኑ ወይም ጆሮው የሚደክም ተማሪ በዴስክ 2 ላይ ይቀመጣል፣ እርከኑ የፈለገው ቢሆን። ሴት ተማሪዎች በቁጥር በሚያንሱበት ክፍልም አንዲትን ሴት ለብቻዋ ከአምስት ወንዶች ጋር ማስቀመጥ አይገባም፤ ቢያንስ ሁለት ሆነው በአንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ። በዚህ ምክንያት ሴት የማይደርሳቸው ቡድኖች ቢኖሩ ምንም ችግር የለውም።

ሰሌዳውንና የኋላውን ግድግዳ መጠቀም

ተማሪዎች ጓደኛቸው የማያውቀውን ነገር ይዘው ካልተገናኙ የሚነጋገሩበት ምክንያት አይኖራቸውም። ለዚህ የተለመደው ዘዴ ሁለት ዓይነት ወረቀት ማባዛት ነው፤ ለ72 ተማሪ በየሳምንቱ ወረቀት ማባዛት ግን በአብዛኛው ትምህርት ቤት የማይታሰብ ነው። ከላይ የተገለጸው አዟዟር ግን ወረቀት ሳያስፈልግ ይህን ክፍተት ይፈጥራል። የተቀመጡት ሰሌዳውን ያያሉ፣ የኋላውን ግድግዳ ግን አያዩም፤ የዞሩት ግድግዳውን ያያሉ፣ ሰሌዳው ግን ከጀርባቸው ነው። በሰሌዳው ላይ የመረጃውን ግማሽ፣ በኋላው ግድግዳ ላይ ሌላውን ግማሽ ማስፈር ብቻ ይበቃል።

አንድ ትምህርት በዝርዝር እንይ። ርዕሱ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ የሚለማመዱት አሁናዊ ዘወትራዊ ድርጊትን የሚገልጸውን ግስና መጠይቆቹን ነው። አልማዝ፣ ቶሎሳ፣ ከድርና ሐዳስ የተባሉ አራት ሰዎች በሠንጠረዡ ግራ ወደ ታች ይጻፋሉ፤ ከላይ ደግሞ አራት አርእስት ይሰፍራሉ፤ የሚነሡበት ሰዓት፣ ሥራቸው፣ ወደ ሥራ የሚሄዱበት መጓጓዣ፣ ማታ የሚያደርጉት ነገር። 16 ሣጥን አለ። ሰሌዳው ላይ ስምንቱ ይሞላሉ፣ ግድግዳው ላይ የቀሩት ስምንቱ። የሚሞሉትን እንደ ዳማ ገበታ እያፈራረቁ ይምረጡ፤ የአልማዝ መነሻ ሰዓት ሰሌዳው ላይ ካለ ሥራዋ ግድግዳው ላይ ይሁን። እንዲህ ካልሆነ አንደኛው ወገን ሰዓት ብቻ ሲጠይቅ ይውላል፣ አራቱን የጥያቄ ዓይነቶች አይለማመድም።

የግድግዳውን ሠንጠረዥ በትልቅ ወረቀት፣ ካልተገኘም በተቀደደ የማዳበሪያ ከረጢት ጀርባ ላይ በማርከር መጻፍ ይቻላል፤ ከረጢቱ ተጠቅልሎ ለሌላው ክፍልም ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። ፊደሉ ከአንድ መዳፍ ስፋት ባያንስ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም በዴስክ 1 ላይ ቆሞ ወደ ኋላ የሚያየው ተማሪ ክፍሉን በሙሉ አቋርጦ ነው የሚያነበው። ከትምህርቱ በፊት እዚያው ቆመው ራስዎ አንብበው ይሞክሩት። ከረጢቱ ከቆሙ ተማሪዎች ጭንቅላት በላይ መሰቀል አለበት፤ አለበለዚያ በዴስክ 7 ላይ የቆሙት ሌላውን ይጋርዳሉ።

አንድ ነገር ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚነሣን ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገሩ፣ ግማሹ ክፍል አሥራ ሁለትን እንዳለ ይወስደዋል፣ ግማሹ ወደ ስድስት ይለውጠዋል፤ ሁለቱም ወገን ጓደኛውን ተሳስተሃል እያለ ይከራከራል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሠሩ ሰሌዳው ጥግ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።

40 ደቂቃውን ማከፋፈል

በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ሞኒተሩ የቀሩትን በቡድን ቁጥር ይመዘግባል። ጓደኛው የቀረበት ተማሪ በዚያው ቡድን ካለው ጥንድ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ይሠራል፤ ወደ ሌላ ቡድን አይሄድም፣ አለበለዚያ በየቀኑ አሥር አሥራ አምስት ተማሪ በመተላለፊያው ላይ ሲንከራተት ይታያል። ቀጥሎ ባሉት 7 ደቂቃዎች መምህሩ ከሠንጠረዡ ውጭ ያለ አንድ ሰው ወስዶ አራቱን ጥያቄዎችና መልሶቻቸውን ከክፍሉ ጋር ይለማመዳል፤ ጥያቄዎቹን በጅምር መልክ በሰሌዳው ቀኝ ጎን ይጽፋቸዋል። የዞሩት ሰሌዳውን ስለማያዩ እነዚህኑ ጅምሮች በከረጢቱም ላይ መጻፍ ይገባል። ይህን መዘንጋት ቀላል ነው፤ ከተዘነጋ ደግሞ ገና ጥያቄው ሳይጀመር የክፍሉ ግማሽ አንገቱን ወደ ሰሌዳው ይጠመዝዛል፣ በዚያውም የጓደኛውን መረጃ ያያል። ከዚህ በኋላ 3 ደቂቃ ጸጥታ ይሰጣል። ሁሉም ባዶውን ሠንጠረዥ በደብተሩ ይስላል፤ ዴስኮቹ ከዞሩ በኋላ ደግሞ በፊቱ የሚያየውን ግማሽ ይሞላል።

ለመጠያየቁ 9 ደቂቃ ይመደብ። አንዱ ወገን ስምንት፣ ሌላውም ስምንት፣ በድምሩ 16 ጥያቄ ስላለ ለአንድ ጥያቄና መልስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይደርሳል፤ ለመድገምና ፊደል ለማስቆጠር የሚበቃ ጊዜ ነው። ደብተር ለጓደኛ አይታይም፣ በእጅ ወይም በመጽሐፍ ይሸፈናል።

ሠንጠረዡ ከተሞላ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ይከተላል፤ ብዙ መምህራን የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው፣ እኔ ግን ረዘም ያለ ንግግር የሚወጣው ከዚህ ክፍል ስለሆነ ብቆጥብም ከመጠያየቁ እቆጥባለሁ እንጂ ይህን አላስቀርም። እያንዳንዱ ተማሪ ከአራቱ ሰዎች አንዱን መርጦ ያንን ሰው ከራሱ ወይም ከቤተሰቡ አባል ጋር እያነጻጸረ ያለማቋረጥ ለ2 ደቂቃ ይናገራል፤ ጓደኛው ያዳምጣል፣ አያርምም። ከዚያ ይቀያየራሉ። 4 ደቂቃው ሲያልቅ የዞሩት ይቀመጣሉ፤ አሁን የሚነሡትና ወደ ኋላ የሚዞሩት ሙሉ ቁጥር ያላቸው ዴስኮች ናቸው፣ 2 ወደ 3፣ 4 ወደ 5፣ 6 ወደ 7። ማንም ከቦታው ሳይንቀሳቀስ አዲስ አድማጭ አግኝቷል። ያንኑ ንግግር ለአዲሱ ሰው በ1 ደቂቃ ተኩል ይደግመዋል። ጊዜው ስላጠረና ነገሩን አንድ ጊዜ ስለተናገረው ማመንታቱ ይቀንሳል፤ ይህ በቋንቋ መምህራን ዘንድ 4/3/2 ተብሎ የሚታወቀው፣ አንድን ንግግር በ4፣ በ3 እና በ2 ደቂቃ ለተለያዩ አድማጮች የመድገም ልምምድ ያጠረ መልክ ነው። በሁለቱ ዙር አንድ ተማሪ 3 ደቂቃ ተኩል ይናገራል፤ ከ25 ሰከንዱ ጋር ይነጻጸር።

በሁለተኛው ዙር ዴስክ 1 እና ዴስክ 8 ጥንድ አያገኙም። ሦስቱ ተማሪዎች በዴስካቸው ላይ ሆነው አንድ አንድ ደቂቃ ይናገራሉ፤ ጊዜያቸው በግማሽ ደቂቃ ያንሳል። ይህ የአደረጃጀቱ ጉድለት ነው፤ ሊካካስ የሚችለው በመጨረሻው የሪፖርት ጊዜ ከእነዚህ ዴስኮች በማስጠራት ነው።

የሚቀረው ጊዜ 9 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ከፊሉ በመዞርና በመቀመጥ ያልቃል። በቀረው በዕጣ የወጡ ሁለት ተናጋሪዎች በክፍሉ ፊት ይናገራሉ፣ መምህሩ የሰማቸውን ሦስት የጋራ ስሕተቶች ሰሌዳው ላይ ያርማል። ከሦስት በላይ ማረም ጊዜ ከማባከን በቀር የሚሰጠው ነገር የለም።

ጫጫታውን መያዝ

36 ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ጫጫታ መኖሩ የግድ ነው፤ አጠገብ ላለው ክፍል መምህርና ለምክትል ርዕሰ መምህሩ አስቀድሞ መንገር ከብዙ ቅሬታ ያድናል። የሚያሰጋው ጫጫታው ከፍ እያለ መሄዱ ነው፤ አንዱ ጥንድ ለመሰማማት ድምፁን ሲጨምር አጠገቡ ያለውም ይጨምራል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይጮኻል። ምልክቱ የቆሙት ተማሪዎች ጆሯቸውን ወደ ጓደኛቸው ማስጠጋት መጀመራቸው ነው። ያን ጊዜ “ዝም በሉ” ብሎ መጮኽ ጩኸት መጨመር ነው። መምህሩ እጁን አንሥቶ ይቁም፤ ያየው ተማሪ ንግግሩን አቁሞ የራሱን እጅ ያነሣል፣ የዞሩትም ከፊታቸው የተቀመጠው ጓደኛቸው እጁን ሲያነሣ ያዩታል። ምልክቱ መምህሩን ለማያዩትም የሚደርሰው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ከጭብጨባና ከፉጨት ይልቅ ይመረጣል። ክፍሉ ዝም ካለ በኋላ አሥር ሰከንድ ቆይቶ በዝቅተኛ ድምፅ መቀጠል ነው።

ሥራው እየተሠራ መሆኑን ማወቅ

መምህሩ 36 ጥንድ መስማት አይችልም፤ ለመስማትም አይሞክር። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ቡድን ብቻ መርጦ በመተላለፊያው ቆሞ ያዳምጥ፣ በአራት ክፍለ ጊዜ 12ቱንም ይደርሳቸዋል። ሌላውን በዓይን ይጠብቃል፤ ዓይን ደግሞ ብዙ ይናገራል። ሁለት ጭንቅላት በአንድ ደብተር ላይ ተደፍቶ ድምፅ ከሌለ እየተገለበጠ ነው። የዞረው ተማሪ ግድግዳውን ሳይሆን ሰሌዳውን የሚያይ ከሆነ ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ መልስ እየፈለገ ነው። አንድ ጥንድ በሦስት ደቂቃ ከጨረሰ ደግሞ በአብዛኛው ጥያቄዎቹን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ጠይቆ መልሱን ብቻ በእንግሊዝኛ ጽፏል ማለት ነው፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም ልምምዱ አልተፈጸመም። እንዲህ ያለውን ጥንድ ከመገሠጽ ይልቅ የአንድ ሰው መስመር መርጦ “እስኪ ለእኔ ጠይቁኝ” ማለት ይሻላል። ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሻገሩት አሥር ጥንድና ከዚያ በላይ ከሆኑ ችግሩ ከተማሪዎቹ አይደለም፤ በ7ቱ ደቂቃ የተሰጠው የጥያቄ ጅምር አልበቃም፣ ወይም ሥራው ከአቅማቸው በላይ ነው። ለማስተካከል ሁሉንም ማስቆም፣ ሁለቱን አስቸጋሪ ጥያቄዎች ከክፍሉ ጋር አንድ ጊዜ ብሎ መመለስ ይበቃል።

ለተከታታይ ምዘናም ይኸው አደረጃጀት ያገለግላል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሚያዳምጧቸው ሦስት ቡድኖች ለአንዱ ብቻ ነጥብ ይስጡ፤ ስድስት ተማሪ ማለት ነው፣ በ12 ክፍለ ጊዜ 72ቱ ይዳረሳሉ። ነጥቡ ከአምስት ይሁን፤ ሁለቱ ሳይቆም በመናገሩ፣ ሁለቱ ጓደኛው ስለተረዳው፣ አንዱ የዕለቱን ሰዋስው በመጠቀሙ። የትኛው ቡድን እንደሚመዘን አስቀድሞ አይነገር፤ ነጥቡ ግን በዚያው ቀን ለተማሪው ይነገረው።

በአንድ ዴስክ ላይ አራት ተማሪ የሚቀመጥበት፣ ቁጥሩ 96 የሚደርስ ክፍልም አለ። አዟዟሩ ያው ነው፣ አንድ ዴስክ አራት ጥንድ ይሰጣል፣ ቡድኑ ስምንት ሰው ይሆናል። ሆኖም መሐል ያሉት ሁለት ጥንዶች ከመተላለፊያው ስለሚርቁ መምህሩ አይሰማቸውም፤ 48 ድምፅም በአንድ ክፍል ውስጥ አይቻልም። እዚያ የሚያዋጣው ረድፎቹን ማፈራረቅ ነው፤ ረድፍ ሀ እና ሐ ሲናገሩ ረድፍ ለ ቀጥሎ የሚናገረውን በጽሑፍ ያዘጋጃል፣ ከዚያ ተራው ይለወጣል። የንግግሩ ጊዜ ስለሚያጥር ከሠንጠረዡ አራት ሰዎች ሁለቱን ብቻ ማስቀረት ያስፈልጋል።